«ታርቀናል» ብሎ ከቀጠሮ መቅረት፦ የጎንደር አድማጮች ስለ ዋስትና ጠይቀው ጠበቃው የመለሱት

«ወንድሜ ትናንት ተይዞ ጣቢያ አደረ። ዋስ ይዤ ብሄድ ይለቁታል?»

ጉዳዩ ቀላል ከሆነ ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቀው ይችላል። ካልለቀቀው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። ዋስትናውን እዚያ ይጠይቃል። «እኔ አስፈታዋለሁ» ለሚልሽ ሰው ግን ያለ ደረሰኝ አንድ ብር እንዳትሰጪ።

«5 ሺህ ብር አስይዘን ነው የወጣው። ቢፈረድበት ብሩ ይቀራል?»

አይቀርም። ብሩ የተያዘው ቀጠሮውን አክብሮ እንዲቀርብ ነው እንጂ ለቅጣት አይደለም። መዝገቡ ሲዘጋ በማመልከቻ ትጠይቃላችሁ። ደረሰኙን አትጣሉ!

«ከጎንደር እንዳትወጣ ተብዬ በዋስ ተፈታሁ። ለለቅሶ ደባርቅ ደርሼ ብመለስ ምን አለበት?»

ብዙ አለበት። መጀመሪያ አመልክተህ ፈቃድ አግኝ። ምስክሮቹ ጋ አትድረስ ተብለህም ከሆነ፣ እዚያው ለቅሶ ቤት ቢያጋጥሙህ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል እንዳትተነፍስ።

«ጋሼ፣ ከተጣላሁት ሰው ጋር በሽማግሌ ታርቀናል። አሁንም ቀጠሮ መሄድ አለብኝ?»

አለብህ! ይሄን ስንት ጊዜ ልናገር? እስቲ አንዴ ደግሞ በምሳሌ ልንገርህ።

አዘዞ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች ይጣላሉ እንበል። አንዱ ሌላውን በዱላ ጭንቅላቱን ይፈነክተዋል። ዐቃቤ ሕግ በከባድ የአካል ጉዳት ይከሰዋል፤ ፍርድ ቤቱ የ10 ሺህ ብር ዋስ ጥራ ይለዋል። አስተማሪ ወንድሙ በደመወዙ ዋስ ይሆናል። ሽማግሌዎች ይገባሉ፣ የሕክምና ወጪ ይከፈላል፣ ይታረቃሉ። ልጁም «በቃ አለቀ» ብሎ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ይወርዳል።

አላለቀም። ከባድ የአካል ጉዳት የመንግሥት ክስ ነው። ተበዳዩ ይቅር ቢልም መዝገቡ ይቀጥላል። እርቁ ቢፈረድበት ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ቀጠሮውን ግን አያስቀርለትም። ስለዚህ ልጁ ሲቀር ዳኛው «ተይዞ ይቅረብ» ብለው ያዛሉ። ወንድሙም ይጠራል። «ዋስ የሆንክለትን ሰው አምጣ፤ አለዚያ ገንዘቡን የማትከፍልበትን ምክንያት አስረዳ» ይባላል። አጥጋቢ ምክንያት ከሌለው 10 ሺህ ብሩ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል። ያ አስተማሪ ዱላ አላነሳ፣ ሰሊጥ አላጨደ። በወንድምነቱ ከደመወዙ ይቆረጥበታል።

ልጁ ሲያዝ ደግሞ እንደገና ዋስትና ይጠይቃል። እዚህ ላይ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 ይመጣበታል። ተጠርጣሪው የዋስትናውን ግዴታ የሚፈጽም ካልመሰለ ዋስትና ይከለከላል። አንዴ ቀርቷል፤ ምን ብሎ ያሳምን? እርቅ አውርዶ እስር ቤት ይከርማል ማለት ነው።

ቀላል ጉዳት ሲሆን፣ ክሱ የሚነሳው በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ ከሆነ፣ ተበዳዩ አቤቱታውን ሊያነሳ ይችላል። ያኔም ቢሆን መዝገቡን የሚዘጋው ፍርድ ቤቱ እንጂ ሽማግሌው አይደለም። የእርቁን ወረቀት ይዘህ፣ ተበዳዩንም አስከትለህ በቀጠሮህ ቅረብ። መዝገቡ መዘጋቱ በትእዛዝ ካልተነገረህ ቀጠሮህ አለ። ከታመምክም ዋስህ የሐኪም ማስረጃህን ይዞ በዕለቱ ይቅረብ። በማግስቱ አይደለም፤ በዕለቱ።

«ልጄ ዋስትና ተከለከለ። የመታው ሰው ገና ሆስፒታል ነው። እስከ መቼ ነው?»

እናቴ፣ ይሄ አንቀጽ 63 ነው። የተከሰሰበት ወንጀል በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ተጎጂውም ሊሞት የሚችል ከሆነ፣ ዋስትና የለም። ሁለቱም አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። ስለዚህ የተጎጂው ሁኔታ ዋናው ነገር ነው። ሐኪሙ ለሕይወት አያሰጋውም ብሎ ከጻፈ አዲስ ነገር ተገኘ ማለት ነው፤ ያንኑ ፍርድ ቤት እንደገና መጠየቅ ይቻላል። ክልከላው ስህተት ነው ካላችሁ ደግሞ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ትላላችሁ። አንቱ ግን ተጎጂው ቤተሰብ ጋ ሄደው ስለ ምስክርነት እንዳያነሱ። ለልጅዎ ሌላ መከልከያ ምክንያት ይሆንበታል። ማመልከቻውንም ጠበቃ ይጻፍልዎ። አቅም ከሌለዎት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሞክሩ።

«ዋስ የሆንኩለት ልጅ ሱዳን ልሻገር ነው እያለ ያወራል። ምን ላድርግ?»

ሳይሻገር ዛሬውኑ ፍርድ ቤቱ ከዋስትናው እንዲያወርድህ አመልክት። ልጁ ይጠራል፤ ሌላ ዋስ ያመጣል ወይም ይታሰራል። ከሄደ በኋላ ግን «ነግሬው ነበር» ብትል አያድንህም። በይሉኝታ ከተቀመጥክ ከፋዩ አንተ ነህ። የመዝገብ ቁጥሩን ይዘህ ጠበቃ ጋ ሂድ።