ያልተሸጡት አራት ሺህ እንቁላሎች

እንደምን አመሻችሁ፣ ተማሪዎች፣ መምህራን ባልደረቦቼ።

ባለፈው ሴሚስተር ፈተና ሳርም አንድ ወረቀት ላይ ቆምኩ። ግራፉ በማስመሪያ የተሰመረ ነው፣ ያምራል። መልሱ ግን ታክስ ከተጣለ በኋላ የገበያው ጠቅላላ ጥቅም ከበፊቱ በለጠ ይላል። ታክስ ተጥሎ አገር አተረፈ ማለት ነው! ልጁ የት ጋ እንደሳተ ለማወቅ ስሌቱን ከመጀመሪያው አብረን እንሥራው።

የእንቁላል ገበያ እንውሰድ። ሻጩ ብዙ፣ ገዢው ብዙ፣ እንቁላሉም ያው እንቁላል ነው። ቁጥሮቹ ለትምህርት ያህል የፈጠርኳቸው ናቸው። ፆም ሲገባ የሚሆነውንም ለዛሬ ተዉት። ዋጋው P በብር፣ መጠኑ Q በቀን በሺህ እንቁላል ይሁን። Qd ገዢዎች የሚፈልጉት፣ Qs ሻጮች የሚያቀርቡት መጠን ነው።

```
Qd = 100 - 4P
Qs = 2P - 20
```

ሁለቱን ስናስተካክል ዋጋው 20 ብር፣ ሽያጩ 20 ሺህ እንቁላል ይሆናል። ዋጋው 25 ብር ከደረሰ የሚገዛ የለም። 10 ብር ከወረደ ደግሞ የሚሸጥ የለም። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዟቸው፣ በግራፉ ላይ ትርፉን የሚያሳዩት የሦስት ማዕዘኖቻችን ጫፎች ናቸው።

የሸማቹ ትርፍ ለመክፈል ፈቃደኛ በነበረበትና በከፈለው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ግማሽ ጊዜ 5 ጊዜ 20፣ 50 ሺህ ብር ይሆናል። የአምራቹ ትርፍ ደግሞ በተቀበለውና ቢያንስ ይበቃኝ ነበር በሚለው ዋጋ መካከል ያለው ነው። ግማሽ ጊዜ 10 ጊዜ 20፣ 100 ሺህ። ድምሩ 150 ሺህ ብር ነው።

አሁን መንግሥት በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ 3 ብር ታክስ ይጣል እንበል። ብዙ ሰው ወዲያው «23 ብር ገባ» ይላል። አልገባም። ከዚህ በኋላ ሁለት ዋጋ አለ፤ ገዢው የሚከፍለውና ሻጩ እጅ የሚገባው። ሻጩ የሚያየው ከገዢው ዋጋ 3 ብር ተቀንሶ ነው። ስለዚህ በአቅርቦቱ ውስጥ P የነበረበት ቦታ P − 3 እናስገባለን።

```
100 - 4P = 2(P - 3) - 20
```

ገዢው 21 ብር ይከፍላል፣ ሻጩ 18 ብር ይደርሰዋል፣ ሽያጩ ወደ 16 ሺህ ይወርዳል። ከ3 ብሩ 1 ብር በገዢው፣ 2 ብር በሻጩ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ታክሱን ቢሮ ሄዶ የሚከፍለው ማንም ይሁን፣ ክፍፍሉ አይለወጥም። የሚወስነው ለዋጋ ለውጥ ማን ይበልጥ ይሸሻል የሚለው ነው። እዚህ ገበያ ላይ ገዢው በቀላሉ ይሸሻል።

የሸማቹ ትርፍ ግማሽ ጊዜ (25 − 21) ጊዜ 16፣ 32 ሺህ ሆነ። የአምራቹ ግማሽ ጊዜ (18 − 10) ጊዜ 16፣ 64 ሺህ። መንግሥት 3 ጊዜ 16፣ 48 ሺህ ሰበሰበ። በ20 ሺህ እንቁላል አባዝቶ 60 የሚል አይጠፋም፤ ያልተሸጠ እንቁላል ግን ታክስ አይከፍልም።

ደምሩት፤ 144 ይመጣል። ከ150 ውስጥ 6 ሺህ ብር ማንም ኪስ የለም። ዴድዌት ሎስ የምንለው ይሄ ነው፤ ግማሽ ጊዜ 3 ጊዜ 4።

6 ሺህ ብሩ የት ሄደ? ያልተሸጡት 4 ሺህ እንቁላሎች ውስጥ ነው ያለው። አንዲት እናት ለአንድ እንቁላል እስከ 20 ብር ከ60 ሳንቲም ትከፍላለች እንበል። አንድ ዶሮ አርቢ ደግሞ በ18 ብር ከ50 ይሸጣል። ድሮ ተገናኝተው 2 ብር ከ10 ሳንቲም ጥቅም ይካፈሉ ነበር። 2 ብር ከ10 ግን 3 ብር ታክስ አይሸፍንም። ስለዚህ አይገናኙም። እሷ ሳትገዛ ትመለሳለች፣ እሱ አያመርትም፣ መንግሥትም ከሁለቱ ሳንቲም አያገኝም።

ወደ ልጁ ወረቀት እንመለስ። የአምራቹን ትርፍ ሲያሰላ በ18 ፈንታ 21ን ተጠቅሟል። ግማሽ ጊዜ 11 ጊዜ 16፣ 88 ሺህ። የታክሱን ግማሽ አንዴ ለሻጩ፣ አንዴ ለመንግሥት ሰጠ ማለት ነው። የሸማቹን፣ የአምራቹንና የመንግሥትን ድርሻ ከዴድዌት ሎሱ ጋር ብትደምሩ ልክ 150 መምጣት አለበት። የእሱ 174 ይላል። ይህቺ ድምር ግማሽ ደቂቃ አትፈጅም፤ ፈተና ላይ ግን የሚሠራት አላይም።

ታክሱ 6 ብር ቢሆንስ? ሽያጩ 12 ሺህ ይሆናል። ገቢው ከ48 ወደ 72 ሺህ ያድጋል፣ ዴድዌት ሎሱ ግን ከ6 ወደ 24 ሺህ ይዘላል። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ሲሆኑ ታክሱ እጥፍ ሲሆን ኪሳራው አራት እጥፍ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በሲጋራ ላይ ከመቶኛው ሌላ በፓኮ 8 ብር ጥሏል። በነጠላ ዕቃ የሚጣል ታክስ ማለት እሱ ነው። ነገር ግን የዛሬውን ስሌት ወስዳችሁ እዚያ አትለጥፉት። የሲጋራ ገበያ እንደ እንቁላሉ ሻጭ የበዛበት አይደለም። ጭሱን አጠገቡ ተቀምጦ የሚስበው ሰው ጉዳትም ሦስት ማዕዘናችን ውስጥ የለም። እዚያ ያልተሸጠው ፓኮ ሁሉ ኪሳራ ነው ማለት አንችልም።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።