ቡናው እየወጣ ነው ወይስ እዚያው እየዞረ?

እንደምን ሰነበታችሁ። ከጅማ ነኝ፣ ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ከገባባችሁ ቻሉት።

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ቻርት ላከልኝ። የኒውዮርኩ አረቢካ ቡና ነው፤ ስክሪን ላይ `KC1!` ተብሎ የሚጻፈው። «አርኤስአይ 70 አልፏል፣ ልሽጥ?» አለኝ። አርኤስአይ የሰሞኑን መውጣትና መውረድ አወዳድሮ ከ0 እስከ 100 የሚለካ ቁጥር ነው፣ ከ70 ሲያልፍ ብዙዎች «ከልክ በላይ ወጥቷል» ይላሉ። «እሱን ተወውና፣ ገበያው ትሬንድ ላይ ሆኖ ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄደ ነው ወይስ ሬንጅ ውስጥ ሆኖ እዚያው እየተመላለሰ?» አልኩት። «እሱን እኮ አርኤስአይ ይነግረኛል» አለ።

አይነግረውም። ዋጋው በሁለት አጥር መካከል የሚመላለስ ከሆነ 70 ላይ መሸጥ ያዋጣል፣ ዋጋው ይመለሳልና። ትሬንድ ከሆነ ግን አርኤስአይ ለሳምንታት ከ70 በላይ ሊቆይ ይችላል፣ አንተም በሸጥክ ቁጥር ኪሳራህን ለመገደብ ያስቀመጥከው የመውጫ ዋጋ፣ ስቶፕህ፣ ይመታል። ዋጋው ያለፉትን ቀናት አማካይ፣ ሙቪንግ አቬሬጁን፣ ሲሻገር አቅጣጫውን ተከትሎ የሚገባ ሰው ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ትሬንድ ላይ ይጠቀማል፣ ሬንጅ ውስጥ ጫፍ ላይ ይገዛና ታች ላይ ይሸጣል። ሁለቱም መሣሪያዎች ደህና ናቸው። የገበያውን ዓይነት ግን አንተ ቀድመህ ማወቅ አለብህ።

እንዴት ይታወቃል? የቡናውን የፈረንጆቹን 2023 ቻርት ልውሰድ፣ ይህን ያህል ግልጽ ምሳሌ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ቁጥሮቹን አጠጋግቼ ነው የምነግራችሁ። ዋጋው ለአንድ ፓውንድ ነው፣ ማለትም ለግማሽ ኪሎ ትንሽ ለሚጎድለው። ዓመቱ ሲጀምር 1 ዶላር ከ67 ሳንቲም አካባቢ ነበር። ጥር ላይ ወደ 1.45 ወረደ። ሚያዝያ ላይ 2.05 ደረሰ። ጥቅምት ላይ ተመልሶ 1.45። ታኅሣሥ ላይ እንደገና 2.05 አካባቢ፣ ከዚያ ዓመቱን 1.88 ላይ ዘጋ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለውን ብቻ ያየ ሰው ምን ይላል? ከ40 በመቶ በላይ ጭማሪ ነው። «ይሄማ ትሬንድ ነው!» ይላል። አልተሳሳተም፣ ለጥቂት ሳምንት ለሚይዝ ሰው ትሬንድ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ለያዘው ግን ሬንጅ ነው። ስለዚህ «ትሬንድ ነው ወይ?» ተብሎ ብቻ አይጠየቅም። ስንት ጊዜ ልትይዘው ነው? መጀመሪያ እሱ ይታወቅ።

እኔ ለዚህ የምወደው ቀላል ስሌት አለ። ፔሪ ካውፍማን የተባለ አሜሪካዊ የነጋዴዎች መምህር ያስተዋወቀው ነው። ዋጋው ከመነሻው እስከ መድረሻው በቀጥታ የተጓዘውን ትወስዳለህ። ከዚያ በየቀኑ ወደ ላይም ወደ ታችም የሄደውን ሁሉ ምልክቱን ትተህ ትደምራለህ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ታካፍላለህ። 1 ከሆነ ሳይዞር ቀጥ ብሎ ሄዷል ማለት ነው። ወደ 0 ከተጠጋ ብዙ ደክሞ እዚያው ነው ያለው።

በ10 ቀን እንየው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኔው ነኝ የፈጠርኳቸው። ቡናው ከ180 ሳንቲም ተነስቶ 4 ወጣ፣ 3 ወረደ፣ 4 ወጣ፣ 3 ወረደ፣ 4 ወጣ፣ 5 ወረደ፣ 3 ወጣ፣ 4 ወረደ፣ 3 ወጣ፣ 1 ወረደ። ጠቅላላ ልፋቱ 34 ነው። የደረሰው ግን 182 ላይ ነው። 2 ለ34 ሲካፈል 0.06። ይሄ እዚያው የሚዞር ገበያ ነው። ሌላኛው ደግሞ በ10 ቀን ከ250 ተነስቶ 270 ደርሷል እንበል፣ ጠቅላላ እንቅስቃሴው 26። 20 ለ26፣ 0.77 ይመጣል። ይሄኛው የሚሄድበት ያለው ይመስላል።

«ይመስላል» ያልኩት አውቄ ነው። ሳንቲም አውጡና ወርውሩ። አንበሳው ከወጣ አንድ ወደ ላይ፣ ሌላው ፊት ከወጣ አንድ ወደ ታች። 10 ጊዜ ወርውራችሁ ያን ስሌት ብትሠሩ፣ በአማካይ ወደ 0.25 ታገኛላችሁ። 0.6 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ከዘጠኝ ሙከራ በአንዱ ገደማ ይመጣል። በዝም ብሎ ዕድል! ስለዚህ በ10 ቀን 0.6 አይቶ «ትሬንድ ተገኘ» ብሎ በቴሌግራም ግሩፕ የሚጮህ ሰው፣ ምናልባት ሳንቲም ሲወረወር ነው ያየው።

ቀናቱ ሲበዙ መለኪያውም ይወርዳል። በ40 ቀን 0.3 ማየት በ10 ቀን 0.6 ከማየት ጋር ይቀራረባል። ይህን የማያስተውል ሰው የረጅሙን ጊዜ 0.3 አይቶ «ደካማ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ትልቁ ትሬንድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ነው የሚመስለው።

ለምሳሌ 2024። ብራዚል ድርቅ ነበር፣ ቬትናምም የሮቡስታው አካባቢ ደርቆ ነበር። አረቢካው ሚያዝያ ላይ ወደ 2.45 ወጣ። የ2023ን ጣሪያ ሰበረ ማለት ነው። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ግን ወደ 1.95 ተመለሰ፣ ከተሰበረው ጣሪያ በታች። ያኔ «ጣሪያ መስበሩ፣ ብሬክአውቱ፣ ውሸት ነበር» ያለ ሰው ምክንያት ነበረው። ከውስጡ ሆኖ ለሚያይ በእውነትም አይለይም ነበር።

የለየው ቀጥሎ የመጣው ነው። መውረዱ ዓመቱ ሲጀምር ከነበረው ወለል፣ ከ1.80 አካባቢ፣ በላይ ቆመ። ሐምሌ ላይ ደግሞ 2.50 ገደማ ደረሰ፣ የሚያዝያውን ጫፍ አለፈ። ከፍ ያለ ወለል፣ ከዚያ ከፍ ያለ ጫፍ። 2.05 ላይ መግዛት ያመለጠው ሰው ይህን ሲያይ ይናደዳል፣ ግን የዘገየበት ዋጋ ማረጋገጫ የገዛበት ነው። ታኅሣሥ ላይ የ1977ን ክብረ ወሰን ሰብሮ 3.40 አለፈ። የዓመቱን መታጠፊያዎች ብቻ ይዤ ስሌቱን ብሠራው ለ2023 ወደ 0.1፣ ለ2024 ደግሞ እዚህ ያልጠቀስኳቸውን መታጠፊያዎች ጨምሬ ወደ 0.34 ይመጣልኛል። አያችሁ፣ ያን ሁሉ ጭማሪ ያመጣው ዓመት እንኳን 0.34 ነው። በቀን በቀን ብትሠሩት ሁለቱም ከዚህ ያንሳሉ፣ ስለዚህ ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር ስታወዳድሩ በምን እንደተሠራ ጠይቁ።

መካከል ላይ ሲሆንስ? ለምሳሌ እንደዚያ ግንቦት። እኔ ያን ጊዜ የሚገባውን ገንዘብ በግማሽ መቀነስ ወይም ጭራሽ አለመግባት ይሻላል ባይ ነኝ። ወዳጄ «ታዲያ ምን ሠራሁ ልበል?» ይላል። ምንም አልሠራህም፣ ምን ችግር አለው?

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፣ እኛ ጅማ ላሉት ነው። ሂርማታ አካባቢ ቡና አቅራቢ የሆኑ ሐጂ ጎረቤቴ ጀንፈላቸውን ልያዝ ወይስ ልሽጥ ሲሉ የሚያዩት ዋጋ በብር ነው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። ስለዚህ በብር የተሳለ ቻርት ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይሄዳል፣ ቡናው በዶላር ባለበት ቢቆም እንኳን። «ሐጂ፣ ይሄ ትሬንድ የብሩ ነው እንጂ የቡናው ላይሆን ይችላል» አልኳቸው። «እንዴት ነው የሚለየው?» አሉኝ። በየሳምንቱ የጻፉትን ዋጋ በዚያው ሳምንት የባንክ ምንዛሪ አካፍለን፣ በዶላር የመጣውን ዋጋ ብቻ በደብተራቸው ጎን ጻፍንላቸው። ከዚያ በኋላ ነው ጫፍና ወለሉን መቁጠር የጀመርነው።