«ጥንቃቄ ይጎድላታል» አይቆጠርም፦ የአፈጻጸም ማሻሻያ ዕቅድ አጻጻፍ

[ስክሪን ላይ፦ የክፍያ ቫውቸሮች ክምር]

በሂሳብ ክፍል የክፍያ ቫውቸር የምትመዘግብ፣ 4 ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ እንውሰድ። ሥራዋ እየተመለሰ አስቸግሯል። አለቃዋ ዕቅዱን «ጥንቃቄ ይጎድላታል» ብሎ ጀመረ። ይህ ይሰረዝ። ጥንቃቄ አይቆጠርም፤ የተመለሰ ቫውቸር ግን ይቆጠራል።

ያለፉት 8 ሳምንታት ሲታዩ 640 ቫውቸር መዝግባ 96 ተመልሶባታል። አሁን እያንዳንዱ ለምን እንደተመለሰ ይመርመር። 24ቱን ግዥ ክፍል ደረሰኝ አጉድሎ የላካቸው ሆነው ተገኙ እንበል። የእሷ ስሕተት 72 ነው፣ ከመቶ 11 ገደማ። ይህ ሳይለይ የቀረ እንደሆነ የመጀመሪያው ስብሰባ በቁጥሩ ላይ ሙግት ሆኖ ያልፋል፤ እሷም እውነት አላት።

[ስክሪን ላይ፦ 11 → 9 → 7 → 5]

ግቡ ዜሮ ስሕተት አይሁን። ባልደረቦቿ ከመቶ 4 የሚመለስባቸው ከሆነ ለእሷ ከመቶ 5 በቂ ነው። በ2ኛው ሳምንት መጨረሻ 9፣ በ4ኛው 7፣ በ8ኛው 5 ይደረስ። ከዚህ ጋር ሰነዱ በደረሳት በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ይመዝገብ የሚል ሁለተኛ ግብ ይግባ፤ አለዚያ ስሕተት ስትፈራ ሥራው ይቆለላል። በዕቅዱ ላይ የአሠሪውም ግዴታ ይጻፍ፦ ነባር ባልደረባ በሳምንት አንድ ሰዓት አብሯት ይቀመጣል፣ የማመሳከሪያ ዝርዝርም ይሰጣታል።

ግምገማው ሰኞ ሰኞ ለ20 ደቂቃ ነው። ቁጥሩ አስቀድሞ ይደርሳታል፣ አስተያየቷን በራሷ ቃል ትጽፋለች፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። በተግባር ግን አለቃው 3ኛውንና 5ኛውን ሳምንት «ሥራ በዛብኝ» ብሎ ይዘላቸዋል፤ ሠራተኛዋም ውጤቷን በ8ኛው ሳምንት ትሰማለች። አንድ ግምገማ ከተዘለለ ጊዜው በአንድ ሳምንት ይራዘም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የኅብረት ስምምነት ሌላ ካልወሰነ በቀር፣ የችሎታ መቀነስ የሚረጋገጠው በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ነው። የእነዚያ ሰኞዎች ቃለ ጉባኤ ከሌለ አሠሪው የሚያቀርበው ማስረጃ ይሳሳል።

[ስክሪን ላይ፦ «ተገቢው እርምጃ ይወሰዳል» ተሰርዞ]

ብዙዎች የሚሸሹት ክፍል መዘዙ ነው። «ተገቢው እርምጃ» ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። እንዲህ ይጻፍ፦ «በ7ኛውና በ8ኛው ሳምንት ሁለቱም ግቦች ከተሟሉ ዕቅዱ በደብዳቤ ይዘጋል። አንዱ ብቻ ከተሟላ ለ2 ሳምንት፣ ለአንድ ጊዜ ይራዘማል። ሁለቱም ካልተሟሉ ድርጅቱ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል።» ሁለት ወር የተባለው በአዋጁ ከ1 ዓመት በላይ እስከ 9 ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የተቀመጠው ጊዜ ስለሆነ ነው።

ማሰናበቱ አስቀድሞ ተወስኖ ከሆነ ግን ይህን ወረቀት አታዘጋጁ፤ ሠራተኛዋ ስምንት ሳምንት በከንቱ ትለፋለች፣ የቀሩት ባልደረቦችም ከዚያ በኋላ ማንኛውንም የማሻሻያ ዕቅድ የስንብት ደብዳቤ አድርገው ያነቡታል።

ከፊርማው በላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «ፊርማዬ ሰነዱ እንደደረሰኝ እንጂ በይዘቱ እንደተስማማሁ አያሳይም።»