የሳምንቱ ቁጥር ከስቱዲዮው ጋር ለምን አልገጠመም?

[ስክሪን፦ ባዶ ጎግል ሺት። ከጀርባ የማራገቢያ ድምፅ ይሰማል።]

ሰላም ናችሁ ወይ? እዚህ ድሬ አሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ከዚራ ሰፈር ጭር ብሏል። ሱቁ ተዘግቷል፣ ባጃጁ ጥላ ይዟል፣ ግማሹ ሰው ተኝቷል፣ ግማሹ እየቃመ ነው። እኔ ደግሞ ማራገቢያውን ወደ ላፕቶፑ አዙሬ ቁጥር የምሠራው በዚህ ሰዓት ነው።

እኔና የአክስቴ ልጅ የድሬና የሐረር ምግብ የምናሳይበት ትንሽ የዩቲዩብ ቻናል አለን። እሷ ትሠራለች፣ እኔ እቀርጻለሁ። የዛሬው ቪዲዮ የቻናሉን ቁጥር ከዩቲዩብ ስቱዲዮ አውርደን በየሳምንቱ የምናይበትን ሰንጠረዥ ስለማዘጋጀት ነው። በተለይ ግን አንዲት ስህተት አለች፤ እኔን ከወር በላይ ስታጃጅለኝ ነበር። በአንድ ሳምንት የኔ ሺት ሲቲአር 7.3 ነው አለኝ፣ ስቱዲዮው ለዚያው ሳምንት 4.5 አለኝ። አንዱ ይዋሻል ማለት ነው። የዋሸው የኔ ሺት ነበር።

ሲቲአር ለማታውቁት፦ ታምኔላችሁ፣ ማለትም የቪዲዮው የፊት ሥዕል፣ ለሰው ሲታይ ኢምፕሬሽን ይባላል። ከታየበት መቶ ጊዜ ስንቱ ክሊክ ሆነ የሚለው ሲቲአር ነው። በቃ ይኸው ነው።

[ስክሪን፦ ዩቲዩብ ስቱዲዮ፣ የአናሊቲክስ ገጽ]

መጀመሪያ ማውረዱ። በስልኩ አፕ አትልፉ፣ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። Analytics ውስጥ ግቡና Advanced mode የሚለውን ንኩ። ከላይ ቀኑን ስትመርጡ Custom በሉና ሙሉ ሳምንታት ያዙ፤ ከሰኞ ተነስቶ እሑድ የሚያልቅ። እኔ ስምንት ሳምንት እወስዳለሁ። ከዚያ ከሠንጠረዡ በላይ ካሉት ምርጫዎች Date የሚለውን ያዙ። ይቺን ከዘለላችሁ የሚወርደው በየቪዲዮው የተከፋፈለ ዝርዝር ነው፣ ያ ደግሞ ስለ ሳምንት ምንም አይነግራችሁም። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ቀን መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ሾርት የምትለቁ ከሆነ ደግሞ ማጣሪያው ላይ Content type ገብታችሁ Videos ብቻ ምረጡ። ምክንያት አለኝ። ከማርች 31፣ 2025 ጀምሮ ዩቲዩብ የሾርት እይታን የሚቆጥረው ቪዲዮው መጫወት እንደጀመረ ነው፤ ስንት ሰከንድ እንደታየ አይጠይቅም። ስለዚህ ሾርትና ረጅም ቪዲዮ አንድ ዓምድ ውስጥ ከተደባለቁ የእይታው መስመር ምን እንደሚል አይታወቅም። ለሾርት ሌላ ሺት ሥሩለት።

[ስክሪን፦ ከላይ በቀኝ በኩል ያለው የማውረጃ ቀስት]

አሁን ቀስቷን ንኩ። ሁለት ምርጫ ይመጣል፣ ጎግል ሺት ወይም ሲኤስቪ። ሲኤስቪ ካላችሁ በዚፕ የታሸጉ ሦስት ፋይሎች ይወርዳሉ። እኛ የምንፈልገው Table data የሚለውን ነው። ውስጡን ኮፒ አድርጋችሁ data ብላችሁ በሰየማችሁት ታብ ላይ ከ A1 ጀምራችሁ ለጥፉት።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ከርዕሱ ሥር ያለችውን የመጀመሪያ ረድፍ እዩ። ቀን አይደለችም፣ Total ትላለች። የሁሉም ድምር ናት። ይህንን ሳያይ ዓምዱን ደምሮ እይታዬ እጥፍ ሆነ ብሎ የተደሰተ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልናገርም፣ አሁን እያወራችሁ ያለው ግን እሱ ነው። አትሰርዟት ግን። በኋላ ምስክር ትሆነናለች።

በኔ ሺት A ቀን፣ B እይታ፣ E ኢምፕሬሽን፣ F ሲቲአር ነው። የእናንተ ቅደም ተከተል ሊለይ ይችላል፤ ፊደሎቹን በራሳችሁ ዓምድ ቀይሩ። አንድ ነገር ደግሞ፣ ቀኖቹ ሴሉ ውስጥ ወደ ግራ ተጠግተው ከተቀመጡ ሺቱ እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ነው የያዛቸው። ፎርሙላው አያያቸውም። ወደ ቀኝ ከተጠጉ ሰላም ነው።

አሁን ሁለት ዓምድ እንጨምራለን። G2 ላይ ይህንን፦

```
=IF(ISNUMBER(A2),A2-WEEKDAY(A2,2)+1,"")
```

ይህ እያንዳንዱን ቀን የሳምንቱን ሰኞ ያስይዘዋል። ረቡዕም ይሁን ቅዳሜ፣ የዚያ ሳምንት ሰኞ ቀን ይጻፍለታል። Total የምትለዋ ረድፍ ቀን ስላልሆነች ባዶ ትቀራለች። H2 ላይ ደግሞ፦

```
=E2*F2/100
```

ይህ ከኢምፕሬሽኑ ስንቱ ክሊክ እንደሆነ ነው። ሁለቱንም እስከ ታች ጎትቷቸው።

ክሊኩን ለምን አሰላለሁ፣ እይታው እያለ? ምክንያቱም እይታና ክሊክ አንድ አይደሉም። ሰው ሊንኩን በቴሌግራም ተልኮለት ሊገባ ይችላል። ያ እይታ ነው፣ ግን ታምኔሉን ዩቲዩብ ላይ አይቶ የነካው አይደለም። እይታን ለኢምፕሬሽን ብታካፍሉ የማይሆን ቁጥር ነው የሚወጣው።

[ስክሪን፦ ሰባት ቀን ብቻ ያለው ሠንጠረዥ፣ እሑድ በቢጫ የተቀባ]

አሁን ወደ ጉዳችን። ያቺ ሳምንት ይህቺ ናት፤ ለማየት እንዲቀል ቁጥሩን አጠጋግቼዋለሁ። ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ አሠራር የለቀቅንበት ሳምንት ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየቀኑ 1,000 ኢምፕሬሽን፣ ሲቲአሩ 8። እሑድ ዩቲዩብ ምን እንደታየው እንጃ፣ ቪዲዮውን ለማያውቁን ሰዎች በገፍ አሳየው፤ 14,000 ኢምፕሬሽን፣ ሲቲአሩ 3።

እኔ የሠራሁት ምን ነበር? AVERAGE። ስድስት ጊዜ 8 አርባ ስምንት፣ 3 ሲጨመር ሃምሳ አንድ፣ ለሰባት ሲካፈል 7.3። ስሌቱ ልክ ነው፣ ጥያቄው ነው ስህተቱ። 14,000 ያለበትን ቀንና 1,000 ያለበትን ቀን እኩል ድምፅ ሰጠኋቸው። ትክክለኛው ክሊኩን መደመር ነው። ስድስቱ ቀናት 80፣ 80 እያሉ 480። እሑድ ብቻውን 420። ድምሩ 900 ክሊክ ከ20,000 ኢምፕሬሽን። 4.5 ይመጣል፣ ስቱዲዮው እንዳለው።

አማካይ የእይታ ርዝመትም ያው ነው፣ የየቀኑን አማካይ መልሳችሁ አማካይ አታውጡለት። የተመለከቱትን ጠቅላላ ሰዓት ለጠቅላላ እይታ አካፍሉ።

[ስክሪን፦ weekly የሚል አዲስ ታብ]

አሁን weekly የሚል ታብ ክፈቱ። A2 ላይ የመጀመሪያውን ሰኞ ቀን በእጃችሁ ጻፉ፣ በፈረንጆች ቀን። A3 ላይ =A2+7 ብላችሁ ወደ ታች ጎትቱ። ከዚያ ከ B2 እስከ E2 በቅደም ተከተል፦

```
=SUMIFS(data!B:B,data!G:G,A2)
=SUMIFS(data!E:E,data!G:G,A2)
=SUMIFS(data!H:H,data!G:G,A2)
=D2/C2
```

እይታ፣ ኢምፕሬሽን፣ ክሊክ፣ ሲቲአር። የመጨረሻውን ዓምድ በፐርሰንት አሳዩት።

ሳትቀጥሉ ምስክሯን ጥሩ። በ weekly ላይ ያለው የእይታ ድምር Total ረድፏ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ክሊኩን ሁሉ ደምራችሁ ለኢምፕሬሽኑ ሁሉ ስታካፍሉም ከ Total ሲቲአር ጋር መቀራረብ አለበት፤ በነጥብ ጭራ ቢለያይ ምንም አይደለም። በሰፊው ከተለያየ የሆነ ሳምንት ተዘሏል ወይም የሆነ ቀን ጽሑፍ ሆኖ ቀርቷል። እኔ ይህንን ባደርግ ኖሮ ወር ሙሉ አልታለልም ነበር።

[ስክሪን፦ ሁለት የመስመር ግራፎች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች]

ግራፉ ቀላል ነው። የቀኑንና የእይታውን ዓምድ መርጣችሁ Insert፣ Chart፣ ከዚያ የመስመር ግራፍ። ለሲቲአር ሌላ ግራፍ። አንድ ላይ አትጫኗቸው፣ በሺህ የሚቆጠረው መስመር ትንሹን መሬት ላይ ያስተኛዋል። ከግራፉ በላይ አንድ ትልቅ ሴል አስቀምጡ፣ ያለፈውን ሳምንት ከዚያ በፊት ከነበሩት አራት ሳምንታት አማካይ ጋር የሚያወዳድር። የመጨረሻው ሳምንት ረድፍ 9 ላይ ከሆነ፦

```
=B9/AVERAGE(B5:B8)-1
```

ካለፈው አንድ ሳምንት ጋር ብቻ አላወዳድርም። ያለፈው ሳምንት የዒድ ሳምንት ከነበረ ይህኛው ሁሌም የወደቀ ይመስላል።

አሁን ስለ ሰዓት። ዩቲዩብ አናሊቲክስ ቀኑን የሚቆርጠው በኛ እኩለ ሌሊት አይደለም፣ በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ እኩለ ሌሊት ነው። ያ ለኛ እነሱ በበጋቸው ሰዓት ሲሆኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው አምስት ሰዓት። እኛ ቪዲዮ እንለቅ የነበረው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ሺቱ ላይ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዓታት እይታ በእሑድ ስም፣ ማለትም ባለፈው ሳምንት ይመዘገባል። ለካ ሳምንቱ እየተሸራረፈ ነበር። አሁን ሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው የምንለቀው፣ በዚያውም ሰው ቤቱ ይገባል።

በሌላ በኩል ቁጥሩ ወዲያው አይሞላም፣ ሁለት ቀን ገደማ ይዘገያል። ሰኞ ዕለት ካወረዳችሁ ቅዳሜና እሑድ ጎደሎ ሆነው ይመጣሉ፣ የግራፉ ጫፍም ሁሌ ቁልቁል ይወድቃል። በየሳምንቱ መጨረሻ ላይ ብቻ የሚወድቅ መስመር ካያችሁ ይኸው ነው ምክንያቱ። ስለዚህ እኔ የማወርደው ሐሙስ ነው።

[ስክሪን፦ የሙሸበክ ሳምንት ረድፍ]

ወደ ሙሸበኩ እንመለስ። 4.5 የሚለውን ስቱዲዮ ላይ ሳይ ደነገጥኩ። ከዚያ በፊት የነበረው ሳምንት 8 ነበር። ታምኔሉ አልሠራም ብዬ ወዲያው ቀየርኩት። ሺቱን አስተካክዬ ለአክስቴ ልጅ ሳሳያት ግን ሲቲአሩን ዞር ብላም አላየችው፣ ጣቷን የክሊኩ ዓምድ ላይ አሳረፈች። በፊት 560፣ አሁን 900።

«አንተ፣ ይኼ ጨምሯል እኮ» አለችኝ። «በሮመዳን ሙሸበክ ስሸጥ አላየህም እንዴ? መንገዱ ሲሞላ አይቶ የሚያልፈውም ይበዛል። ትሪው ግን ቶሎ ባዶ ይሆናል።»

የድሮውን ታምኔል መለስኩት። በ weekly ታብ F ዓምድ ላይም ማስታወሻ የሚል ርዕስ ጨምሬ ከዚያች ሳምንት አጠገብ «እሑድ ለአዲስ ሰው ታየ፣ ታምኔል ሁለት ጊዜ ተቀየረ» ብዬ ጻፍኩ። ፋይሉ ከቪዲዮው ሥር አለ፣ ኮፒ አድርጋችሁ የራሳችሁን ቁጥር ለጥፉበት። ማራገቢያው ቆመ፣ መብራት ሄደ መሰለኝ።