የገዛሁት ቦንድ ለምን ረከሰ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምደውለው። በ2020 የአሜሪካ መንግሥትን የ10 ዓመት ቦንድ በ1,000 ዶላር ገዛሁ። በ2023 ኦክቶበር ላይ አካውንቴን ስከፍት 750 ገደማ ይላል። ወለዱ አልተቋረጠብኝም። ታዲያ 250 ዶላሬን ማን ወሰደው?»

ማንም አልወሰደውም፣ እህቴ። የተለወጠው ቦንድሽ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው።

በኦገስት 2020 የወጣው የ10 ዓመት ቦንድ ወለዱ 0.625 በመቶ ነበር። በ1,000 ዶላር ላይ በዓመት 6 ዶላር ከ25 ሳንቲም ማለት ነው። ያ ቁጥር እስከ 2030 ድረስ አይነቃነቅም። ውጭ ያለው ዓለም ግን ተነቃነቀ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ዜሮ አካባቢ የነበረውን ወለድ ከማርች 2022 ጀምሮ እየጨመረ በጁላይ 2023 ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ አደረሰው። አንቺ አካውንትሽን በከፈትሽበት ኦክቶበር በገበያ ላይ ያለው የ10 ዓመት ቦንድ ወለድም 5 በመቶን ነካ።

አሁን ራስሽን በገዢው ቦታ አስቀምጪው። በእጁ 1,000 ዶላር አለ። አዲስ ቦንድ ቢገዛ በዓመት 50 ዶላር ያገኛል። ያንቺን ቢገዛ 6.25። የ43.75 ልዩነት አለ። ያንቺን በ1,000 የሚገዛ ሞኝ አይገኝም። ስለዚህ ቅናሽ ይጠይቃል።

ስንት? ቦንድሽ 7 ዓመት ገደማ ይቀረዋል። 43.75 በ7 ሲባዛ 306 ይመጣል። ግን ገዢው 306 ሙሉ አይቀነስለትም። ቅናሹን የሚያገኘው ዛሬ በአንዴ ነው፤ የሚጎድልበት ግን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ነው። ከ7 ዓመት በኋላ የሚጎድል 43 ዶላር ዛሬ ከሚጎድለው ያንሳል፣ የዛሬው ብር እስከዚያ ወለድ ይወልዳላ። ያ በ5 በመቶ ሲታሰብ 306ቱ ወደ 253 ይወርዳል። 1,000 ሲቀነስ 253፣ 747። አካውንትሽ ላይ ያየሽው እሱን ነው።

እስከ ኦገስት 2030 ከያዝሽው 1,000ው ሙሉውን ይመለስልሻል። «ካልሸጥክ አትከስርም» የሚሉት ለዚህ ነው። እኔ ግን ግማሽ እውነት ነው እላለሁ። ሳትሸጪ ስትቆዪ በየዓመቱ 43.75 ሌላ ቦታ ልታገኚው የምትችይው ገቢ እያመለጠሽ ነው። ኪሳራው ስሙን ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ጥያቄ፦ «እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ። ወለድ ሲጨምር ዋጋ ይወድቃል ይባላል። የትኛው ነው ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው? ወለዱን ማዕከላዊ ባንክ ያውጃል፣ ዋጋውንስ ማን ነው የሚያውጀው?»

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለት ነገር ስለሚመስለው አንዱ ሌላውን ሲገፋ ያያል። አንድ ነገር ነው፣ በሁለት አፍ የሚነገር።

እዚያው እናንተ ጋ ያለውን የግምጃ ቤት ሰነድ ውሰድ። ብሔራዊ ባንክ በጨረታ ሲሸጠው በላዩ ላይ ወለድ አይጻፍበትም። ዝም ብሎ ከተጻፈበት ዋጋ በታች ነው የሚሸጠው። የ364 ቀኑን 1,000 ብር የሚከፍል ሰነድ በ870 ብር ገዛህ እንበል። ከአንድ ዓመት በኋላ 130 ብር አተረፍክ። 130ን ለ870 ስታካፍለው 15 በመቶ ገደማ ነው። በቀጣዩ ጨረታ ገዢዎች ከ850 በላይ አንከፍልም ካሉ፣ ትርፉ 150፣ ወለዱ ደግሞ 17.6 በመቶ ይሆናል። ማንም «ወለድ ጨመርኩ» ብሎ አላወጀም። ዋጋው ወረደ፤ መውረዱ ራሱ ነው የወለዱ መጨመር።

ማዕከላዊ ባንክ በቀጥታ የሚነካው የአጭር ጊዜውን ወለድ ነው። የ10 ዓመቱ ከገበያ ዋጋ ተሰልቶ የሚነበብ ነው። ዜና አንባቢው «የ10 ዓመቱ ወለድ ዛሬ ጨመረ» ሲል፣ ሻጮች በረከሰ ዋጋ ሸጡ ማለቱ ነው።

ጥያቄ፦ «መንግሥት ያለበት ቦንድ አያከስርም ሲሉን ኖሩ። የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ የወደቀው ደግሞ እንዲህ ዓይነት ቦንድ ይዞ ነው ይባላል። የቱን እንመን?»

ሁለቱንም፣ ጋሼ። ከሚከፍለው ወገን የሚመጣ ስጋት አለ፣ ከጊዜ የሚመጣም ስጋት አለ። ባንኩ የመጀመሪያው አልነበረበትም፣ ሁለተኛው ነው የጣለው።

በ3 በመቶ የወጡ ሁለት ቦንዶችን ያስቡ፣ አንዱ 1 ዓመት፣ ሌላው 10 ዓመት የሚቀራቸው። ወለድ ወደ 5 ቢሄድ የአንድ ዓመቱ 981 ይሸጣል። የ10 ዓመቱ 846 ነው። ያው የሁለት በመቶ ልዩነት ነው፤ ግን አንደኛው ጉድለቱን ለአንድ ዓመት ሲሸከም ሌላው ለ10 ዓመት ይሸከማል።

ያ ባንክ የደንበኞቹን ገንዘብ ወስዶ ወለድ ዝቅ ባለበት ጊዜ ረጅም ዕድሜ ያላቸውን ቦንዶች ገዛ። ደንበኛው ገንዘቡን ነገ ሊጠይቅ ይችላል፣ ቦንዱ ግን ዓመታት ይቀሩታል። በሒሳብ ደንቡ መሠረት «እስከ መጨረሻው እንይዘዋለን» የተባለ ቦንድ በተገዛበት ዋጋ ይመዘገባል። በ2022 መጨረሻ በዚያ ሣጥን ውስጥ ከ15 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያልተመዘገበ ኪሳራ ነበረ። ተደብቆ አልነበረም፤ በሪፖርቱ ማብራሪያ ላይ ተጽፏል። ሰው ግን ማብራሪያ አያነብም።

በማርች 8፣ 2023 ባንኩ 21 ቢሊዮን ገደማ የሚያወጡ ቦንዶች ሸጦ 1.8 ቢሊዮን መክሰሩን አስታወቀ። በማግስቱ ደንበኞች 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠየቁ። በማርች 10 ባንኩ ተዘጋ። አንድም ቦንድ ክፍያውን አላቋረጠም።

ጥያቄ፦ «እኔ የሕዳሴ ግድብ ቦንድ አለኝ። ወለድ እንደጨመረ እሰማለሁ፣ የኔ ግን አልረከሰም። ያው የገዛሁበት ነው። እንዴት ነው?»

እንዳልረከሰ የሚነግርህ ማን ነው? በየቀኑ ዋጋ የሚወጣለት ገበያ ስለሌለው፣ ያለህ ቁጥር በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። አሜሪካ ያለችው እህታችን አካውንቷን ስትከፍት የምትደነግጠው ገበያው በየደቂቃው ስለሚናገር ነው።

ሒሳቡ ግን አንተ ጋም አይቀርም። 1,000 ብር የተጻፈበት፣ በዓመት 6 በመቶ የሚከፍልና ሁለት ዓመት የቀረው ቦንድ ለጎረቤትህ ልሸጥለት አልክ እንበል። ጎረቤትህ ገንዘቡን ሌላ ቦታ አስቀምጦ 12 በመቶ ማግኘት የሚችል ከሆነ፣ የመጀመሪያው ዓመት 60 ብር ዛሬ ለእሱ 53.57 ያህል ነው። የሁለተኛው ዓመት 1,060 ደግሞ 845። ሲደመር 899 ብር ገደማ። ከዚያ በላይ ከጠየቅከው፣ እሱ ሒሳብ የሚያውቅ ከሆነ፣ ሻይ ጋብዞህ ይሸኝሃል።