የቫሪያብል ስም መቀየር ኩረጃን ለምን አይደብቅም?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች፣

በኩረጃ ተጠርጥሮ ቢሮዬ የሚመጣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ «የእኔ ኮድ እኮ የቫሪያብሎቹ ስም ይለያል» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ይለያል። ሁለት ተማሪዎች ካስረከቡኝ ሥራ የተወሰደውን ይህን ቁራጭ እንመልከት።

```c
int marks[51];
for (i = 1; i <= n; i++)
    sum = sum + marks[i];
```

```c
int score[51];
for (k = 1; k <= count; k++)
    total = total + score[k];
```

አሌክስ አይከን በ1994 እ.ኤ.አ. የሠራውና መምህራን ከስታንፎርድ ሰርቨር የሚጠቀሙበት የኮድ መመሳሰል ፈላጊ ፕሮግራም፣ ሞስ፣ ኮዱን እንደ እኛ በስም አያነብም። አስተያየቶችንና ባዶ ቦታዎችን ይጥላል፤ `marks`ም `score`ም ለእርሱ «እዚህ ስም አለ» ከማለት ያለፈ ትርጉም የላቸውም። ስለዚህ ሁለቱ ቁራጮች እያንዳንዳቸው 28 ምልክቶች ያሉት አንድ ዓይነት ሰንሰለት ይሆናሉ፤ ስም የቀየረው ተማሪ የደከመው መጀመሪያ በሚጣለው ነገር ላይ ነው።

ቀጥሎ ሰንሰለቱ ተደራራቢ በሆኑ አጫጭር ቁራጮች ይከፈላል። አምስት አምስት ምልክት ብንወስድ 24 ቁራጮች እናገኛለን፤ እያንዳንዱ ወደ ቁጥር ይለወጥና፣ ጎን ለጎን ካሉት ቁጥሮች መካከል ትንሹ እየተመረጠ አሻራ ሆኖ ይቀመጣል። «በመካከል `printf` ብጨምርስ?» የሚል ብልጥ አይጠፋም። ከ`for` በፊት አንድ መስመር ቢገባ የሚበላሹት መጋጠሚያውን የሚያቋርጡት አራት ቁራጮች ብቻ ናቸው፤ 20ዎቹ እንዳሉ ይቀራሉ።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ እኛ መምህራንም መጠንቀቅ አለብን። ድምር የሚሠራ ሉፕ የማንም ተማሪ ሉፕ ስለሆነ፣ በአጭር የቤት ሥራ ላይ ከፍተኛ የመመሳሰል ፐርሰንት መውጣቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። እኛው የሰጠነውን መነሻ ኮድ በ`-b` ለሞስ ካላሳወቅነው ደግሞ ክፍሉ በሙሉ የተኮራረጀ ሊመስል ይችላል። ሞስ ጥንዶችን ደርድሮ የተመሳሰሉትን መስመሮች ያሳያል እንጂ ማን ከማን እንደወሰደ አይናገርም፤ ያንን የሚለየው ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ነው።

በእነዚህ ሁለት ሥራዎች ዓይኔን የያዘው ፐርሰንቱ ሳይሆን 51 ነበር። ጥያቄው የ50 ተማሪዎች ውጤት ይላል፤ ክፍሉ በሙሉ 50 ቦታ ይዞ ከ0 ሲጀምር እነዚህ ሁለቱ ብቻ ከ1 ጀምረዋል። ለየብቻ ጠርቼ ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። አንደኛው፣ የተማሪው ተራ ቁጥርና የአሬዩ ቁጥር አንድ እንዲሆኑለት ብሎ 0ኛውን ቦታ ባዶ እንደተወው ነገረኝ። ሌላው ኮዱን ትንሽ ካየ በኋላ «51 ተማሪ ስላለ ይመስለኛል» አለኝ።