ከዜናው በፊት ቻርቱ ያሳየን ነገር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ታዳሚዎች።

ቢትኮይን በፈረንጆቹ ሜይ 2021 ለምን ወደቀ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ብዙ ሰው መልሱ ምላሱ ላይ ነው። ኢሎን መስክ ሜይ 12 ላይ ቴስላ ቢትኮይን መቀበል ማቆሙን በትዊተር ጻፈ፣ ገበያውም ተደረመሰ ይላችኋል። መጻፉን ጽፏል። የዕለት ቻርቱን ያየ ሰው ግን ምልክቱን ከሁለት ሳምንት በላይ ቀድሞ ያገኘዋል። ዛሬ የማወራው ስለዚያ ምልክት ነው፤ የስትራክቸር ብሬክ ይባላል፣ የዋጋው የከፍታና የዝቅታ አወቃቀር ሲሰበር ማለት ነው።

መጀመሪያ ከፍታና ዝቅታን እንዴት እንደምንለይ እንነጋገር። እኔ የምጠቀምበት ደንብ ቀላል ነው። አንድ የዕለት ካንድል፣ ማለትም የአንድ ቀን ዋጋ የሚያሳየው ዓምድ፣ በግራው ካሉት ሁለትና በቀኙ ካሉት ሁለት ካንድሎች ሁሉ በላይ ከወጣ ከፍታ ነው። ከሁሉም በታች ከወረደ ደግሞ ዝቅታ ነው። ደንቡ አንድ ዋጋ ያስከፍላል፦ ከፍታው ከፍታ መሆኑን የምታውቁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ጫፉ ላይ ሆኖ «ይሄ ጫፍ ነው» የሚል ሰው እየገመተ ነው።

አሁን ወደ ቻርቱ። ቁጥሮቹን አጠጋግቼ ነው የምነግራችሁ፤ ከአንዱ መገበያያ ወደ ሌላው ትንሽ ይለያያሉ። ቢትኮይን በፌብሩዋሪ 58,000 ዶላር ደርሶ ወደ 43,000 ወረደ። በማርች 61,800 ነካ፣ ማርች 25 ደግሞ 50,400 ላይ ቆመ። ኤፕሪል 14 ላይ 64,800 ደረሰ። እያንዳንዱ ከፍታ ካለፈው ይበልጣል፣ ዝቅታውም እንደዚሁ። ሃየር ሃይ፣ ሃየር ሎው የምንለው ይሄንን ነው።

እዚህ ላይ የሚጠበቀው ቁጥር የትኛው ነው? የመጨረሻውን ከፍታ የወለደው ዝቅታ፣ ማለትም 50,400። በመሃል ሌሎች ትንንሽ ዝቅታዎች ነበሩ። ኤፕሪል 7 ላይ 55,500 አካባቢ አንድ አለ። እነዚህ ሲሰበሩ ዋናው ትሬንድ አለቀ ማለት አይደለም፣ ዋጋው እረፍት እየወሰደ ሊሆን ይችላል።

ኤፕሪል 18 እሑድ ነበር። ዋጋው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተምዘግዝጎ 51,000 አካባቢ ደረሰ። ያን ቀን «በቃ፣ አለቀ» ብሎ የሸጠ ብዙ ነው። ካንድሉ ግን 56,000 ላይ ተዘጋ። የቀረው ዋጋው ወርዶ የተመለሰበት ረጅም የታች ጭራ ብቻ ነው፣ እሱም 50,400ን አልነካም። ስለዚህ ስትራክቸሩ አልተሰበረም።

ኤፕሪል 23 ላይ ጭራው 47,500 ድረስ ወረደ፣ ካንድሉ ግን ከ51,000 በላይ ተዘጋ። አሁንም እጠብቃለሁ። በማግስቱ ኤፕሪል 24 መዝጊያው 50,000 ሆነ፣ ኤፕሪል 25 ደግሞ 49,000። ከ50,400 በታች የተዘጋበት የኤፕሪል 24ቱ ካንድል የስትራክቸር ብሬክ ነው። የትዊቱ ቀን ገና 18 ቀን ይቀረው ነበር።

ታዲያ ኤፕሪል 25 ላይ ሾርት የገባ፣ ማለትም ዋጋው ይወርዳል ብሎ የነገደ ሰው አተረፈ? ቶሎ አላተረፈም። ዋጋው በማግስቱ ብድግ ብሎ 54,000 ነካ፣ ሜይ 10 አካባቢም 59,500 ደረሰ። ስቶፕ ሎሱን፣ ማለትም ኪሳራው እንዳይበዛ የሚወጣበትን ዋጋ፣ ጠበብ አድርጎ ያስቀመጠ ሁሉ ተጠርጎ ወጣ። ብዙዎቻችን የምንሸወደው እዚህ ጋ ነው። ብሬኩ የሚነግራችሁ ገዢዎቹ ሊይዙት የሚገባውን ቦታ መልቀቃቸውን ነው። ሻጮቹ ስልጣኑን መረከባቸውን ለማየት ግን ቀጣዩ ከፍታ ያስፈልጋል። 59,500 ከ64,800 በታች ቀረ፣ ማለትም ሎወር ሃይ ሆነ። ከዚያ ቀጥሎ የኤፕሪል 25ቱ ዝቅታ 47,000 ሲሰበር ስዕሉ ሞላ። ሜይ 19 ላይ 30,000 ታየ።

በእኔ እምነት መግቢያው ሎወር ሃዩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፣ ስቶፕ ሎሱም ከ59,500 በላይ። ዋጋው 64,800ን ቢሻገር ኖሮ ደግሞ ብሬኩ የውሸት ነበር ማለት ነው፣ ሾርቱም አይገባም። እንዲህ ያለው የውሸት ብሬክ ዋጋ በአንድ ጎዳና ወዲያ ወዲህ በሚልበት ገበያ ላይ በየጊዜው ይመጣል።

ሌላው ነገር፣ ይህ ሁሉ የዕለት ቻርት ነው። በ15 ደቂቃ ቻርት ላይ በቀን ብዙ ብሬክ ታገኛላችሁ። የምትነግዱበትን ቻርት መርጣችሁ ከፍታና ዝቅታውን እዚያው ላይ ቁጠሩ፤ ከዕለቱ ወደ 15 ደቂቃው እየዘለላችሁ የሚመቻችሁን መልስ አትፈልጉ።

በዚያው ዓመት ወደ ላይም ተገልብጧል። ጁን 22 ላይ ዝቅታው 28,800 ነበር፣ ጁላይ 20 ደግሞ 29,300። ሃየር ሎው ነው፣ ግን ልዩነቱ ጠባብ በመሆኑ ብዙ ሰው አላመነውም። በመሃል የነበረው ከፍታ 36,600 ነው። ጁላይ 26 ላይ ዕለቱ ከሱ በላይ ተዘጋ። በኖቬምበር 69,000 ደረሰ።

ቻርቱን እስክሪኑ ላይ አድርጌዋለሁ። ጥያቄ ያለው ይነሳና ቁጥሩን እያሳየ ይጠይቀኝ። አመሰግናለሁ።